ለሚለቅ ሠራተኛ የሚጻፍ መልስ

በአንድ አስመጪ ድርጅት አራት ዓመት የሠራች የመጋዘን ኃላፊ የሥራ መልቀቂያዋን ጥቅምት 4 ቀን ለመዝገብ ቤት አስገባች እንበል። ሥራ አስኪያጁ ደብዳቤውን አንብቦ መሳቢያው ውስጥ ከተተው። ሁለት ሳምንት አልፎ ስትጠይቀው «ገና አልፈቀድኩልሽም» አላት። እንዲህ ያለ መልስ በብዙ መሥሪያ ቤት ይሰማል፤ ስሕተቱም የሚጀምረው እዚሁ ላይ ነው።

በአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት የሙከራ ጊዜውን የጨረሰ ሠራተኛ የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ ሰጥቶ ውሉን ማቋረጥ ይችላል። ፈቃድ አያስፈልገውም። ቀኑ የሚቆጠረውም ማስጠንቀቂያው ከተሰጠበት ዕለት ቀጥሎ ካለው የሥራ ቀን አንሥቶ ነው፤ ሥራ አስኪያጁ ፈረመም አልፈረመም ለውጥ የለውም። ስለዚህ ጥቅምት 4 የገባው ደብዳቤ ኅዳር 4 ይሞላል። (የኛ ወር 30 ቀን መሆኑ ሒሳቡን ያቀልለዋል፤ ጳጉሜን መሐል ስትገባ ብቻ ጥንቃቄ ይፈልጋል።) ሥራ አስኪያጁ ዝም ባለባቸው ሁለት ሳምንታት የጠፋው የራሱ የርክክብ ጊዜ ነው።

ታዲያ መልሱ ምን ይሠራል? የመጨረሻውን ቀን ይቆርጣል፣ ማን ከማን ምን እንደሚረከብ ይወስናል፣ ክፍያው መቼ እንደሚሰጥ ይናገራል። ለኃላፊዋ እኔ የምጽፈው እንዲህ ነው፦

«ጉዳዩ፦ የሥራ መልቀቂያዎን ስለመቀበል

ጥቅምት 4 ቀን ያስገቡት የሥራ መልቀቂያ ደርሶናል። የመጨረሻ የሥራ ቀንዎ ኅዳር 4 ይሆናል። ባለፈው ክረምት የመጋዘኑ ጣሪያ ሲያፈስ ሌሊት ድረስ ቆይተው ዕቃውን ስላሸሹልን፣ የቢን ካርዱንም አያያዝ ስላስተካከሉ ከልብ እናመሰግናለን። ምክትልዎ ከጥቅምት 10 ጀምሮ አብረውዎት ይሠራሉ። ቆጠራው ከጥቅምት 20 እስከ 23 የሒሳብ ክፍል ተወካይ ባለበት ይካሄዳል። ቁልፍና ማኅተም ኅዳር 4 ያስረክባሉ። ቀሪ ደመወዝዎና ያልተጠቀሙበት የዓመት ፈቃድ ክፍያ ውሉ ከተቋረጠ በኋላ በሰባት የሥራ ቀናት ውስጥ ይከፈልዎታል።

ግልባጭ፦ ለሒሳብ ክፍል፣ ለሰው ኃይል አስተዳደር»

ምስጋናው ላይ ጣሪያውንና ቢን ካርዱን የጠቀስኩት ሆን ብዬ ነው። «ላበረከቱት አስተዋጽኦ እናመሰግናለን» የሚለው ዐረፍተ ነገር ለማንም ስለሚሆን ለማንም አይደርስም። አራት ዓመት ያገለገለች ሴት ቢያንስ አንድ የሠራችው ነገር በስሙ ሊጠራላት ይገባል። ሥራ አስኪያጁ የሚጠቅሰው ካጣ የቅርብ አለቃዋን ይጠይቅ።

ቆጠራው ከመጨረሻው ቀን አሥር ቀን ያህል መቅደሙም ምክንያት አለው። ቆጠራው ሲጀመር የመጨረሻው የገቢና የወጪ ደረሰኝ ቁጥር ይመዘገባል፤ እስኪያልቅም ዕቃ አይገባም አይወጣም። ይህ ካልተደረገ ጠዋት የተቆጠረው ካርቶን ከሰዓት ተሸጦ ይወጣና ሒሳቡ ይምታታል። አሁን ቢን ካርዱ 412 ካርቶን ይላል፣ በአካል የተገኘው ግን 406 ነው እንበል። ስድስቱ የት ሄዱ? ኃላፊዋ ገና ሥራ ላይ ስላለች ከተረካቢው ጋር ደረሰኞቹን ወደ ኋላ ያገላብጣሉ። ምናልባት ለናሙና ወጥተው ወጪ ደረሰኝ ያልተቆረጠላቸው ናቸው፤ ወይም ተበላሽተው የተወገዱበት ቃለ ጉባኤ ካርዱ ላይ አልሰፈረም። ምክንያቱ ከተገኘ ካርዱ ይታረማል፤ ካልተገኘም ጉድለቱ እንዳለ ተጽፎ አስረካቢ፣ ተረካቢና ታዛቢ ይፈርማሉ። ቆጠራው ኅዳር 4 ከሰዓት ቢጀመር ኖሮ ግን ስለ ስድስቱ የሚጠየቀው ስለ ነገሩ ምንም የማያውቀው ተረካቢ ይሆን ነበር።

የርክክብ ሰነዱ በሦስት ቅጂ ይዘጋጃል፤ አንዱ የኃላፊዋ ነው። ብዙ ጊዜ የሚዘነጋው ይኸው የእሷ ቅጂ ነው። ሰነዱ ከክፍያውም ጋር ይያያዛል። አዋጁ የሰባት የሥራ ቀናቱን ገደብ የሚያራዝመው ሠራተኛው በራሱ ጥፋት ንብረት ወይም ገንዘብ ሳይመልስ ሲዘገይ ነው። አሠሪው ተረካቢ ሳይመድብ ወይም ቆጠራ ሳያዘጋጅ ቆይቶ «ርክክብ አልጨረስሽም» ብሎ ደመወዝ ቢይዝ ጥፋቱ የእሷ አይደለም። ደብዳቤው ላይ የሰፈሩት ቀኖች ማን እንዳዘገየ ያሳያሉ።

ኃላፊዋም ግዴታ አለባት። ማስጠንቀቂያዋን ሰጥታ በሁለተኛው ሳምንት ብትቀር እስከ 30 ቀን ደመወዟ የሚደርስ ካሣ ልትጠየቅ ትችላለች።

የሥራ ልምድ ማስረጃው ከርክክቡ ጋር አብሮ ይሠራ። የሥራውን ዓይነት፣ የአገልግሎት ዘመኑንና ደመወዙን ይይዛል፤ በሕግ ያለ ክፍያ የሚሰጥ ነው። ኅዳር 4 ቁልፉን ስታስረክብ ማኅተም ተመቶበት እጇ ላይ ቢደርስ፣ እሱን ፍለጋ ሁለተኛ መመላለስ የለባትም።