ተርነር ሲንድረም፦ እጥረቱ ከአጥንት ሲመጣ

ተርነር ሲንድረም በሴቶች ላይ ብቻ የሚታይ የክሮሞዞም ጉድለት ነው። ሴት ልጅ በእያንዳንዱ ሴሏ ውስጥ ሁለት ኤክስ ክሮሞዞም ሊኖራት ሲገባ፣ ይህ ችግር ያለባት ልጅ አንደኛው ጨርሶ የላትም፤ ወይም ቢኖራትም ከፊሉ የጎደለ ነው። በሕይወት ከሚወለዱ ከ2,000 እስከ 2,500 ሴት ልጆች መካከል አንዷ ከዚህ ችግር ጋር ትወለዳለች። ጉድለቱ የሚፈጠረው የዘር ሴል በሚሠራበት ወይም ፅንሱ ገና መከፋፈል በሚጀምርበት ጊዜ በአጋጣሚ ነው። እናት በእርግዝናዋ ወቅት የበላችው ወይም የሠራችው ነገር አያመጣውም፤ አብዛኛውን ጊዜም በዘር የሚወረስ አይደለም።

ምልክቶቹ ከአንዷ ወደ ሌላዋ በጣም ይለያያሉ። በአንዳንዶቹ ላይ የአንገት ቆዳ ወደ ትከሻ ተዘርግቶ ይታያል፤ በሌሎቹ ላይ ከውጭ የሚታይ ምንም ልዩ ነገር የለም። ሁሉንም ማለት በሚቻል ደረጃ የሚያመሳስላቸው ቁመታቸው ነው። ሕክምና ያላገኘች ልጅ አድጋ ስትጨርስ ከአገሯ ሴቶች አማካይ ቁመት በ20 ሴንቲሜትር ገደማ ታንሳለች።

ሲንድረሙ ስሙን ያገኘው ከአሜሪካዊው ሐኪም ከሄንሪ ተርነር ነው። ተርነር እ.ኤ.አ. በ1938 በኦክላሆማ ሰባት ታካሚዎችን አጥንቶ ጻፈ፤ ሁሉም አጫጭሮች ናቸው፣ የጉርምስና ለውጥ አላዩም፣ ክንዳቸውም ከክርናቸው ላይ ወደ ውጭ ያዘነብላል። ጀርመናዊው የሕፃናት ሐኪም ኦቶ ኡልሪክ እ.ኤ.አ. በ1930 ተመሳሳይ ምልክቶች ያሏትን የስምንት ዓመት ልጅ ገልጾ ስለነበር በአውሮፓ የሁለቱም ስም አብሮ ይጠራል። ተርነር የችግሩ ምንጭ ከአንጎል ሥር ያለችው ፒቱታሪ ዕጢ ናት ብሎ ስላሰበ ከዚችው ዕጢ በተጨመቀ መድኃኒት ሊያክማቸው ሞከረ፤ አልተሳካለትም። ግምቱ ለጊዜው ምክንያታዊ ነበር፤ የእድገት ሆርሞንን የምታመነጨው ይህች ዕጢ ናትና። ነገር ግን የእነዚህ ልጆች ሰውነት የእድገት ሆርሞንን እንደ ማንኛውም ልጅ ያመነጫል። ትክክለኛው ምክንያት የታወቀው እ.ኤ.አ. በ1959 ሲሆን፣ ቻርልስ ፎርድና ባልደረቦቹ በእንግሊዝ የአንዲትን የ14 ዓመት ልጅ ሴሎች መርምረው በ46 ፋንታ 45 ክሮሞዞም ብቻ ቆጠሩ። የጎደለው ኤክስ ነበር።

ይህ ግኝት አንዱን ጥያቄ ሲመልስ ሌላ ከባድ ጥያቄ አስነሣ። ሜሪ ላየን የተባለች እንግሊዛዊት ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1961 እንዳሳየችው፣ በማንኛዋም ሴት ሴል ውስጥ ካሉት ሁለት ኤክስ ክሮሞዞሞች አንደኛው ገና በፅንስነት ጊዜ ሥራውን አቁሞ ዝም ይላል። ሁለተኛው ኤክስ ሥራ የማይሠራ ከሆነ ታዲያ መጉደሉ ለምን ጉዳት ያመጣል?

መልሱ ዝምታው ሙሉ አለመሆኑ ነው። በክሮሞዞሙ ላይ ያሉ የተወሰኑ ዘረመሎች በሁለቱም ኤክሶች ላይ መሥራታቸውን ይቀጥላሉ። በተለይ በአጭሩ ክንድ ጫፍ ላይ ያለች ትንሽ ክፍል አትዘጋም። ይህች ክፍል በወንዶች ዋይ ክሮሞዞም ጫፍ ላይም ትገኛለች፤ ስለዚህ ወንዱም ሴቷም የእነዚህን ዘረመሎች ሁለት ሁለት ቅጂ ይዘው ይኖራሉ። እ.ኤ.አ. በ1997 በጀርመን ሃይድልበርግ የጉድሩን ራፖልድ የምርምር ቡድን በዚህች ጫፍ ላይ ቁመትን የሚወስን ዘረመል አገኘ፤ ሾክስ ይባላል። ተርነር ሲንድረም ያለባት ልጅ የሾክስ አንድ ቅጂ ብቻ ስላላት፣ ዘረመሉ በትእዛዙ የሚያሠራው ፕሮቲን መጠን ለአጥንት እድገት አይበቃም። ከቁመቱ ጉድለት ሁለት ሦስተኛ የሚሆነው ከዚህ ከአንዱ ዘረመል እንደሚመጣ ይገመታል።

ይህ ግምት ብቻ አለመሆኑን የሚያስረዱ ሌሎች ሰዎች አሉ። ሁሉም ክሮሞዞሞቻቸው ተሟልተው አንዱ የሾክስ ቅጂ ብቻ የተበላሸባቸው ሰዎች፣ ወንዶችም ሴቶችም፣ አጫጭሮች ይሆናሉ፤ የክንዳቸውና የቅልጥማቸው አጥንትም ከቀረው አካላቸው ይልቅ ያጥራል። በተቃራኒው ሦስት ኤክስ ያላቸው ሴቶችና ከዋይ ጋር ሁለት ኤክስ ያላቸው ወንዶች ሦስት የሾክስ ቅጂ ስላላቸው ከእኩዮቻቸው ረዘም ይላሉ። ከሁሉም የሚያስገርሙት ግን ከሁለተኛው ኤክስ አጭሩ ክንድ ጠፍቶ ረጅሙ ክንድ የተደገመባቸው ልጆች ናቸው። የኤክስ ይዘታቸው በመጠን ሲታይ ከተለመደው የሚያንስ አይደለም፤ ያም ሆኖ አጫጭሮች ናቸው። ወሳኙ የይዘቱ ብዛት ሳይሆን የትኛው ጫፍ እንደጎደለ ነው።

ሾክስ ሥራውን የሚሠራው በአጥንት ጫፍ ነው። የሕፃን ረጃጅም አጥንቶች የሚያድጉት ከጫፋቸው አጠገብ ካለ ስስ የልም አጥንት ንጣፍ ነው። በዚህ ንጣፍ ውስጥ ሴሎች እንደ ጡብ በተራ በተራ ይደረደራሉ፣ ይባዛሉ፣ ያብጣሉ፣ በመጨረሻም ይሞቱና ቦታቸውን ለጠንካራ አጥንት ይለቃሉ። አጥንቱ የሚረዝመው በዚህ ሂደት ነው። ሾክስ የእነዚህን ሴሎች መብሰልና አደራደር ይቆጣጠራል፤ ሲያንስ ድርድሩ ይዛባል፣ እድገቱም ይዘገያል። በፅንስ ጊዜ ሾክስ በብዛት የሚሠራው በክርን፣ በእጅ አንጓና በጉልበት አካባቢ፣ እንዲሁም መንጋጋንና የመስሚያ አጥንቶችን በሚሠራው የፅንሱ ክፍል ነው። ተርነር ያስተዋለው የክርን መዘንበል፣ የእጅ አራተኛ አጥንት ማጠር፣ ወደ ውስጥ የገባ ትንሽ አገጭ፣ ከፍ ያለ ላንቃ፣ እርስ በርስ የማይገናኙ የሚመስሉ ምልክቶች ሁሉ ከአጭርነቱ ጋር አንድ ምንጭ የሚያገኙት በዚህ ምክንያት ነው።

የእድገቱ አካሄድም የራሱ መልክ አለው። ልጅቷ ስትወለድ ጥቂት ሴንቲሜትር ብቻ ታንሳለች። በመጀመሪያዎቹ ሦስት ዓመታት ልዩነቱ ይሰፋል፤ ከዚያ በኋላ በየዓመቱ ከእኩዮቿ ትንሽ ትንሽ እያለች ወደ ኋላ ትቀራለች። ትልቁ ክፍተት የሚፈጠረው ግን እኩዮቿ ለአቅመ ሔዋን በሚደርሱበት ጊዜ ነው። ኤክስ በመጉደሉ ምክንያት እንቁልጢዎቿ በአብዛኛው ገና በልጅነቷ ሥራቸውን ያቆማሉ፤ ኢስትሮጅን ስለማይመነጭም ሌሎቹ ልጆች በድንገት የሚመዘዙበት የጉርምስና እድገት አይመጣላትም።

ለምሳሌ ዘጠኝ ዓመት የሞላት፣ 116 ሴንቲሜትር የምትረዝም ልጅ እንውሰድ። አባቷ 172፣ እናቷ 160 ሴንቲሜትር ናቸው። ሐኪሞች ከሴት ልጅ የሚጠበቀውን ቁመት ለማስላት ከአባት ቁመት 13 ይቀንሳሉ፣ የእናትን ይደምራሉ፣ ለሁለት ያካፍላሉ። ውጤቱ 160 ሴንቲሜትር ገደማ ነው። በዓለም ጤና ድርጅት ሰንጠረዥ የዘጠኝ ዓመት ሴት ልጅ አማካይ ቁመት 132 ሴንቲሜትር ያህል ሲሆን ዝቅተኛው ወሰን ወደ 120 ይጠጋል። ይህች ልጅ ከወሰኑ በታች ናት። ባለፈው ዓመት 112 ከነበረች ደግሞ ያደገችው አራት ሴንቲሜትር ብቻ ነው፤ በዚህ ዕድሜ ከአምስት እስከ ስድስት ይጠበቃል። ከወላጆቿ ቁመት ጋር ሲነጻጸር ይህ ቤተሰባዊ አጭርነት ሊሆን አይችልም። ጉዳዩ ተርነር ሲንድረም ከሆነና ካልታከመች፣ የመጨረሻ ቁመቷ ወደ 140 ይጠጋል።

እንደ ኢትዮጵያ ባለ አገር እንዲህ ያለች ልጅ በቀላሉ ትታለፋለች። እ.ኤ.አ. በ2019 በተደረገው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ከአምስት ዓመት በታች ካሉ ሕፃናት 37 በመቶ የሚሆኑት በምግብ እጥረት ምክንያት ለዕድሜያቸው አጭር ነበሩ፤ በእነርሱ መካከል አንዲት አጭር ልጅ የማንንም ዓይን አትስብም። የሚለዩባቸው ነጥቦች ግን አሉ። በምግብ እጥረት የቀጨጨች ልጅ ብዙውን ጊዜ ወንድሞቿና እህቶቿም አጫጭሮች ናቸው፤ ተርነር ሲንድረም ያለባት ከአንድ ማዕድ ከበሉት እህቶቿ በግልጽ አንሳ፣ ሰውነቷ ግን ሞላ፣ ደረቷም ሰፋ ብሎ ትታያለች። ስትወለድ የእጇና የእግሯ ጀርባ አብጦ ከነበረ፣ ጆሮዋ ደጋግሞ መግል የሚይዝ ከሆነ፣ የማጅራት ፀጉሯ ዝቅ ብሎ ከበቀለ ጥርጣሬው ይጠናከራል። በ13 ዓመቷ ጡት ማጎጥጎጥ ካልጀመረች ደግሞ ምርመራውን ማዘግየት አይገባም። ምክንያቱ ያልታወቀ አጭርነት ያላት ሴት ልጅ ግን ሌላ ምልክት ባይኖርባትም መመርመር አለባት።

ምርመራው ካርዮታይፕ ይባላል። ከክንድ ትንሽ ደም ተወስዶ ነጭ የደም ሴሎቹ በላቦራቶሪ ለሦስት ቀን ያህል እንዲባዙ ይደረጋል፤ ሊከፈሉ ሲሉ በመድኃኒት ይገታሉና ክሮሞዞሞቻቸው በማይክሮስኮፕ ይቆጠራሉ። ቢያንስ 30 ሴሎች መታየት አለባቸው፤ አንዳንድ ልጆች በከፊል ሴሎቻቸው ውስጥ ብቻ ኤክስ ስለሚጎድላቸው ጥቂት ሴል ቆጥሮ መተው ሊያሳስት ይችላል። ጉድለቱ ከተረጋገጠ በኋላ ልብና ዋናው የደም ቧንቧ በአልትራሳውንድ መታየት ይኖርባቸዋል። ኩላሊትም እንዲሁ። ለሕይወት አስጊ ሊሆን የሚችለው የልብ ችግሩ እንጂ ቁመቱ አይደለም።

ለቁመቱ የሚሰጠው መድኃኒት በላቦራቶሪ የሚመረት የእድገት ሆርሞን ሲሆን በየምሽቱ ከቆዳ ሥር በመርፌ ይሰጣል። የልጅቷ ሆርሞን ሳይጎድል ሆርሞን መጨመር እንግዳ ይመስላል። የአጥንቱ ጫፍ ለተለመደው መጠን በቂ ምላሽ ስለማይሰጥ ግን የሚሰጣት መጠን የሆርሞን እጥረት ላለበት ልጅ ከሚታዘዘው ይበልጣል። በካናዳ በተደረገና እ.ኤ.አ. በ2005 ውጤቱ በወጣ ጥናት፣ መርፌውን የወሰዱት ልጆች ካልወሰዱት በአማካይ በሰባት ሴንቲሜትር በልጠው ተገኙ። የተባለችው ልጅ ይህን ያህል ብታገኝ ከ140 ወደ 147 ትደርሳለች ማለት ነው፤ ቀደም ብላ ብትጀምር ደግሞ ውጤቱ የተሻለ የመሆን ዕድል አለው። የወላጆቿን ቁመት ግን አትደርስም፤ የሾክስን ጉድለት መርፌው አይተካውምና። መድኃኒቱ ውድ ነው፤ በማቀዝቀዣ መቀመጥ አለበት፤ ለዓመታትም ሳይቋረጥ መወሰድ ይኖርበታል።

ኢስትሮጅን የሚጀመርበት ጊዜ ቀድሞ ያከራክር ነበር። ይህ ሆርሞን የአጥንቱን ማደጊያ ንጣፍ ስለሚዘጋ ሐኪሞች እስከ 15 ዓመትና ከዚያም በላይ ያዘገዩት ነበር፤ ልጅቷም በክፍል ጓደኞቿ መካከል የሕፃን ሰውነት ይዛ ትቆይ ነበር። ዛሬ ከ11 እስከ 12 ዓመት ባለው ጊዜ በጣም በትንሽ መጠን ተጀምሮ በሁለት ወይም በሦስት ዓመት ውስጥ ቀስ በቀስ ይጨመራል። በዚህ መጠን እድገቱን አያግደውም፤ የጡት፣ የማህፀንና የአጥንት ጥንካሬም በጊዜው ይመጣል። የእድገት ሆርሞኑ የሚቆመው የእጅ ራጅ የአጥንቷ ዕድሜ 14 ዓመት ገደማ መድረሱን ሲያሳይ፣ ወይም የዓመቱ እድገቷ ከሁለት ሴንቲሜትር በታች ሲወርድ ነው፤ ኢስትሮጅኑ ግን እኩዮቿ የወር አበባቸው እስከሚቋረጥበት ዕድሜ ድረስ ይቀጥላል።