የሕዝብ ጥግግትን በካርታ ማሳየት፦ እርከኑ፣ ርቀቱና ቀለሙ

በአዲስ አበባ የሚገኘው አዲስ ከተማ ክፍለ ከተማ ስፋቱ ስምንት ካሬ ኪሎ ሜትር እንኳ አይሞላም። በ1999 ዓ.ም. የሕዝብና ቤት ቆጠራ ግን 255 ሺህ ያህል ሰው ይኖርበት ነበር፤ በአንድ ካሬ ኪሎ ሜትር ከ34 ሺህ በላይ ሰው ማለት ነው። በዚያው ቆጠራ የጋምቤላ ክልል አማካይ በካሬ ኪሎ ሜትር አሥር ሰው ገደማ ነበር። የአገሪቱን የሕዝብ ጥግግት በወረዳ የሚያሳይ ካርታ የሚሠራ ሰው ሁለቱን በአንድ ገጽ ላይ፣ በአንድ የቀለም ቤተሰብ ማሳየት አለበት። ካርታው የሚነበብ ወይም የማይነበብ የሚሆነውም በአብዛኛው በዚህ ልዩነት አያያዝ ነው።

መጀመሪያ መወሰን ያለበት ቁጥሮቹ በስንት እርከን እንደሚከፈሉና ድንበራቸው የት ላይ እንደሚወድቅ ነው። ካርታ መሥሪያ ፕሮግራሞች፣ ለምሳሌ በነፃ የሚገኘው QGIS፣ ይህን በራሳቸው ያደርጉልዎታል፤ ችግሩም ከዚያ ይጀምራል። `Equal Interval` የሚለውን መርጠው አምስት እርከን ቢያዙ ፕሮግራሙ በትንሹና በትልቁ ቁጥር መካከል ያለውን ልዩነት ለአምስት ያካፍላል። ትልቁ 34 ሺህ ከሆነ የመጀመሪያው እርከን ከዜሮ እስከ ሰባት ሺህ ገደማ ይዘልቃል። በካሬ ኪሎ ሜትር 700 ያህል ሰው የነበረው ጌዴኦ ዞን፣ 111 ገደማ የነበረው አማራ ክልልና 16 ብቻ የነበረው ሶማሌ ክልል ሁሉም እዚያው ይገባሉ። ካርታው ሲወጣ አገሩ በሙሉ አንድ ፈዛዛ ቀለም ሆኖ መሐሉ ላይ አንዲት ጥቁር ነጥብ ብቻ ትታያለች። እንዲህ ያለ ካርታ ካዩ ስህተቱ ከእርከን አከፋፈሉ ነው።

ሌላው አማራጭ በእያንዳንዱ እርከን እኩል ቁጥር ያላቸው ወረዳዎች እንዲገቡ ማድረግ ነው። ካርታው በቀለም ይሞላል፣ ዓይንም ይስባል። ነገር ግን ብዙዎቹ የደጋ ወረዳዎች ቁጥራቸው ተቀራራቢ ስለሆነ፣ በጥቂት ሰዎች ብቻ የሚለያዩ ሁለት ጎረቤታም ወረዳዎች በተለያየ ቀለም ይወጣሉ፤ አንባቢውም የሌለ ድንበር ያያል። በላይኛው እርከን ደግሞ ጥቅጥቅ ያለ የገጠር ወረዳና አዲስ ከተማ እኩል ይሆናሉ። የቁጥሮቹን የተፈጥሮ ክፍተት ፈልጎ የሚከፍለው `Natural Breaks (Jenks)` ከሁለቱ ይሻላል። እሱም ቢሆን እንደ 187.4 ያሉ ለአንባቢ የማይያዙ ድንበሮችን ይሰጣል፤ አዲስ ቆጠራ በመጣ ቁጥር ድንበሮቹ ስለሚቀያየሩም አሮጌውን ካርታ ከአዲሱ ጋር ማስተያየት አይቻልም።

ለኢትዮጵያ ድንበሮቹን በእጅ መጻፍን እመርጣለሁ፦ ከ10 በታች፣ ከ10 እስከ 50፣ ከ50 እስከ 100፣ ከ100 እስከ 250፣ ከ250 እስከ 500፣ ከ500 በላይ። ክፍተቱ ወደ ላይ እየሰፋ ይሄዳል፤ ምክንያቱም በ10 እና በ50 መካከል ያለው ልዩነት ለአኗኗር ትልቅ ትርጉም ሲኖረው፣ በ510 እና በ550 መካከል ያለው ግን የለውም ማለት ይቻላል። በዚህ አከፋፈል የምሥራቁ ቆላ፣ የመካከሉ ደጋ፣ እንደ ሲዳማና ጌዴኦ ያሉ እንሰትና ቡና የሚበቅልባቸው ጥቅጥቅ ያሉ አካባቢዎች ተለያይተው ይወጣሉ። ከስድስት ወይም ከሰባት እርከን በላይ መሄድ አይመከርም፤ ዓይን የአንድ ቀለምን ዘጠኝ ደረጃዎች ከመፍቻው ጋር እያመሳከረ መለየት ያቅተዋል።

አሁን ወደ መስፈርቱ እንምጣ። ኢትዮጵያ ከምዕራብ እስከ ምሥራቅ 1,600 ኪሎ ሜትር ያህል ትረዝማለች። በ1፡7,000,000 መስፈርት በአግድም በተያዘ አንድ የኤ4 ገጽ ላይ በሚገባ ትገባለች፤ ነገር ግን አንድ ሚሊሜትር ሰባት ኪሎ ሜትር ይሆናል፣ 527 ካሬ ኪሎ ሜትር የሆነችው አዲስ አበባም ከአራት ሚሊሜትር አትበልጥም። በ1999 ዓ.ም. 2.7 ሚሊዮን ሰው የተቆጠረባት ከተማ በዓይን ልትታለፍ ነው። በአንጻሩ ከአገሪቱ ስፋት ሩቡን ያህል የያዘው ሶማሌ ክልል ከሕዝቡ ስድስት በመቶ ገደማ ሆኖ ሳለ ገጹን ይሞላል። መድኃኒቱ በገጹ ጥግ ላይ የከተማዋን ትንሽ ካርታ በ1፡400,000 መስፈርት መጨመር ነው። ይህ ትንሽ ካርታ የራሱ እርከንና የራሱ ቀለም ያስፈልገዋል። ዋናው ካርታ በሰማያዊ ከተሠራ እሱ በወይን ጠጅ ይሠራ፤ ያለዚያ አንባቢው የአንዱን መፍቻ ይዞ ሌላውን ያነባል።

በስልክና በኮምፒውተር የሚታይ ካርታ ይህን የሚፈታው በዙም ነው። በተለመደው የድረ ገጽ ካርታ አሠራር በዙም 5 አንድ ፒክስል አምስት ኪሎ ሜትር ገደማ ይሸፍናል፤ ዙሙ አንድ ደረጃ በጨመረ ቁጥር ርቀቱ በግማሽ ይቀንሳል። ስለዚህ መላ አገሪቱ በስልክ ስክሪን በዙም 5፣ በኮምፒውተር በዙም 6 ትገባለች። ክፍለ ከተሞቹ ተለይተው የሚታዩት ከዙም 10 ወይም 11 ጀምሮ ነው። በዙም 5 የወረዳ ድንበር መስመሮችን ያጥፏቸው፤ ተደራርበው ካርታውን ያጠቁሩታል፣ ትናንሽ ወረዳዎች የበዙበት ደጋም ከእውነቱ ይልቅ የጠቆረ ይመስላል። የክልል ድንበር ብቻ ይበቃል። የወረዳ መስመር ቀጠን ብሎ በነጭ ከዙም 7፣ የወረዳ ስም ደግሞ ከዙም 8 ወይም 9 ቢጀምር ጥሩ ነው።

እዚህ ላይ አጥብቄ የምቃወመው አንድ አሠራር አለ። አንዳንድ ካርታዎች አንባቢው በተጠጋ ቁጥር እርከኖቹን በስክሪኑ ላይ ባሉት ወረዳዎች ብቻ እንደገና ያሰላሉ። አፋር ላይ ሲጠጉ በአገር ደረጃ ፈዛዛ የነበረው ወረዳ በድንገት ጥቁር ይሆናል። አንድ ቀለም በየትኛውም ዙም ላይ አንድ ትርጉም ብቻ ሊኖረው ይገባል። ለዙሙም ማቆሚያ ያብጁለት፤ 11 ወይም 12 ይበቃል። በዋቢ ሸበሌ ዳር ባለ ሰፊ ወረዳ ሕዝቡ ወንዙን ተከትሎ ሲሰፍር፣ ቀለሙ ግን በወረዳው ሁሉ እኩል ይፈሳል። አንባቢው ቤቶች እስኪታዩት ከተጠጋ ያ አማካይ ቁጥር የሌለ ነገር መናገር ይጀምራል።

ቀለምን በተመለከተ በብዛት የሚመረጠው አረንጓዴ፣ ቢጫ፣ ቀይ ነው። ለዓይናችን የቀረበ ቢሆንም ለዚህ ሥራ አይሆንም። ከሦስቱ ብሩሁ ቢጫ ስለሆነና መሐል ስለሚውል፣ በጥቁርና ነጭ ሲባዛ ሁለቱ ጫፎች አንድ ዓይነት ግራጫ ይሆናሉ። ቀይና አረንጓዴ መለየት የሚቸግራቸው ሰዎችም ብዙ ሕዝብ ያለበትን ባዶ ከሆነው አይለዩትም። ከዚያም በላይ አረንጓዴ ደግ፣ ቀይ አደጋ ተደርጎ ይነበባል፤ የሰው መብዛት ደግሞ በራሱ አደጋ አይደለም። የሚሻለው ከፈዛዛ ጀምሮ ወደ ጥቁር የሚጠጋ አንድ ቀለም፣ ወይም ከፈዛዛ ቢጫ ወደ ጥቁር ሰማያዊ የሚሄድ ቅደም ተከተል ነው። በፔንስልቬንያ ስቴት ዩኒቨርሲቲ የሠሩት የካርታ ባለሙያዋ ሲንቲያ ብሩወር ያዘጋጁት ColorBrewer የተባለ ነፃ ገጽ እንዲህ ያሉ የተፈተኑ ቅደም ተከተሎችን ይሰጣል፤ የትኞቹ ለቀለም ዕውራን እንደሚሆኑም ለይቶ ያሳያል።

መረጃ የሌለበት ወረዳ በግራጫ ይቀባ እንጂ ነጭ አይተው፤ ነጭ ከዝቅተኛው እርከን ጋር ይምታታል። ጣናና ዓባያን የመሳሰሉ ሐይቆችም ከወረዳው ስፋት መቀነስና በውሃ ቀለም ለብቻቸው መታየት አለባቸው። ካርታው ላይ ያልተጠበቁ ባዶ ቦታዎች ከታዩ፣ ብዙ ጊዜ ምክንያቱ የሕዝብ ሠንጠረዡና የድንበር ፋይሉ አለመገጣጠማቸው ነው፦ የወረዳው ስም በሁለቱ ላይ በተለያየ ፊደል ተጽፏል፣ ወይም ወረዳው ከቆጠራው ወዲህ ለሁለት ተከፍሏል። በስም ሳይሆን በወረዳ መለያ ቁጥር ማገናኘት የመጀመሪያውን ችግር ያስቀራል፤ ለሁለተኛው የቆጠራውን ዘመን የድንበር ፋይል መጠቀም ያስፈልጋል።

ካርታውን ከማውጣትዎ በፊት በጥቁርና ነጭ አትመው ከፈዛዛው እስከ ጥቁሩ ያለው ቅደም ተከተል ሳይዛባ መውጣቱን ይመልከቱ። መፍቻው ላይም «ሰው በካሬ ኪሎ ሜትር» የሚለውንና የቆጠራውን ዓመት መጻፍ አይርሱ።