ፎልደሩ ቢጠፋም ፎቶው አለ

የሠርግ ፎቶግራፍ አንሺው ሚሞሪ ካርዱን ሲሰካ ኮምፒውተሩ «ፎርማት ላድርገው?» ብሎ ይጠይቀዋል። ፎልደር የለም፤ የፋይል ስምም የለም። ምስሎቹ ግን አብዛኛውን ጊዜ ካርዱ ላይ በቦታቸው ናቸው። የተበላሸው እያንዳንዱ ፎቶ የት እንደተቀመጠ የሚመዘግበው ሠንጠረዥ ነው።

ፋይል ካርቪንግ የሚባለው ዘዴ ሠንጠረዡን ጨርሶ ይተወዋል። ካርዱን ከዳር እስከ ዳር እያነበበ የፋይል መነሻ ምልክት ያድናል። የጄፔግ ፎቶ FF D8 FF በሚሉ ሦስት ባይቶች ይጀምራል፣ በ FF D9 ይዘጋል። ፒዲኤፍ %PDF- ብሎ ይከፈትና %%EOF ብሎ ያበቃል። አዲሶቹ የዎርድ ሰነዶች ደግሞ በውስጣቸው የታሸጉ ዚፖች ስለሆኑ PK በሚሉ ፊደላት ይጀምራሉ።

ሥራው ግን መነሻና መድረሻ እንደ መፈለግ ቀላል አይደለም። ካሜራው በየፎቶው ሆድ ውስጥ ለፈጣን ዕይታ የምትሆን ትንሽ ምስል ያስቀምጣል፤ እሷም ብዙ ጊዜ ራሷን የቻለች ጄፔግ ናት። መጀመሪያ ያገኘው FF D9 ላይ የሚያቆም ፕሮግራም ትልቁን ፎቶ ከመሃል ይቆርጠዋል። ስለዚህ ጥሩ መሣሪያ የፋይሉን ውስጣዊ አሠራር እየተከተለ ያነባል።

ፈረንሳዊው ክሪስቶፍ ግሬኒዬ የሠራው ነፃው ፎቶሬክ አንዱ ነው። ያገኘውን recup_dir.1 በሚባል ፎልደር ውስጥ f0065536.jpg በመሰለ ስም ያስቀምጠዋል። ቁጥሩ ፎቶው የተጀመረበት ሴክተር ነው፤ በ512 ባይት ሲባዛ 32 ሜጋባይት ገደማ ገባ ብሎ ማለት ነው። የቀድሞው ስም አይመለስም። ፎቶው የተነሳበት ቀን ግን በራሱ በፎቶው ውስጥ ተጽፎ ስለሚገኝ ባለሙያው በዚያ ይደረድራቸዋል።

ትልቁ ችግር መበታተን ነው። ካርዱ ሲሞላ፣ አንዳንዱ ፎቶ ሲሰረዝና ሌላው ሲተካ፣ አንድ ፋይል በሁለት ቦታ ተከፍሎ ሊቀመጥ ይችላል። ክፍሎቹን የሚያያይዘው ሠንጠረዥ ደግሞ የለም። አሜሪካዊው ተመራማሪ ሲምሰን ጋርፊንክል በ2007 ባሳተመው ጥናት፣ በሁለት ክፍል የተለያየን ፋይል በመካከሉ የገባውን ባዕድ መረጃ ርዝመት እየሞከሩ መግጠም እንደሚቻል አሳይቷል። ከዚያ በላይ ሲበታተን ሙከራው እጅግ ይበዛል። ያልተገጠመ ፎቶ በዓይን ይለያል፦ የሙሽሪት ፊት ጥርት ብሎ ይታይና ከወገቧ በታች ግራጫ ወይም የሌላ ምስል ቁርጥራጭ ይሆናል።

አዲስ መረጃ የተጻፈበትን ቦታ ግን ምንም ካርቪንግ አይመልሰውም። በኤስኤስዲ ዲስክም የተሰረዘው ቦታ ቶሎ ስለሚጸዳ ተስፋው ጠባብ ነው። ስለዚህ ካርድዎ እንዲህ ሲሆን ሌላ ፎቶ አያንሱበት፤ ያውጡት፣ መጀመሪያ ሙሉ ቅጂውን ይውሰዱ፣ የተገኘውንም ሌላ ዲስክ ላይ ያስቀምጡ።