የማይደመሩ ሦስት ከረንቶች

በ220 ቮልት፣ 50 ኸርዝ መስመር ላይ ሬዚስተር፣ የሽቦ ጥቅል (ኢንዳክተር) እና ካፓሲተር በትይዩ ተያይዘዋል እንበል። የሬዚስተሩ ተቃውሞ 50 ኦም ነው። ጥቅሉ 40፣ ካፓሲተሩ ደግሞ 100 ኦም ሪአክታንስ አላቸው። የአምፔር መለኪያ በየቅርንጫፉ ሲገባ በሬዚስተሩ 4.4፣ በጥቅሉ 5.5፣ በካፓሲተሩ 2.2 አምፔር ያነባል። ድምሩ 12.1 ነው። በዋናው ሽቦ ላይ ያለው መለኪያ ግን 5.5 ብቻ ያሳያል!

መለኪያው አልተበላሸም። ሦስቱ ከረንቶች ጫፋቸው ላይ የሚደርሱት በተለያየ ጊዜ ነው። የሬዚስተሩ ከቮልቴጁ ጋር አብሮ ይወጣል፣ አብሮ ይወርዳል፤ የጥቅሉ ሩብ ዙር ይዘገያል፤ የካፓሲተሩ ሩብ ዙር ይቀድማል። የኋለኞቹ ሁለቱ እርስ በርስ ተቃራኒ ስለሆኑ ከ5.5 ላይ 2.2 ተቀንሶ 3.3 ይቀራል። ይህ 3.3 ከ4.4 ጋር በቀጤ ማዕዘን ስለሚገናኝ ድምራቸው በፓይታጎረስ ሕግ 5.5 ይሆናል። የጠቅላላው ዑደት ኢምፒዳንስ እንግዲህ 220 ለ5.5 ሲካፈል፣ ማለትም 40 ኦም ነው።

ቅርንጫፎቹ ሲበዙ ግን በኢምፒዳንስ ማስላት አድካሚ ነው፤ እያንዳንዱን ገልብጦ ደምሮ መልሶ መገልበጥ ይጠይቃል። እንግሊዛዊው ኦሊቨር ሄቪሳይድ በ1880ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ኢምፒዳንስን ከሰየመ በኋላ ለግልባጩም አድሚታንስ የሚል ስም ሰጠው። በትይዩ ግንኙነት አድሚታንስ ዝም ብሎ ይደመራል። መለኪያው ሲመንስ ነው።

በምሳሌያችን ሬዚስተሩ 0.02 ሲመንስ፣ ጥቅሉ 0.025፣ ካፓሲተሩ 0.01 ሲመንስ አላቸው። ካፓሲተሩ በአዎንታዊ፣ ጥቅሉ በአሉታዊ ምልክት ሲገቡ፦

```
Y = 0.02 − j0.015
Z = 1/Y = 32 + j24
```

ብዙዎች የሚሳሳቱት ወደ ኢምፒዳንስ ሲመለሱ ነው። 0.02ን ለብቻው ገልብጠው 50፣ 0.015ን ለብቻው ገልብጠው 66.7 ይጽፋሉ። የሚገለበጠው ግን አጠቃላዩ ቁጥር ነው፤ እያንዳንዱ ክፍል በ0.02 ካሬ እና በ0.015 ካሬ ድምር፣ በ0.000625፣ ይካፈላል፣ የ j ምልክቱም ይገለበጣል። ማረጋገጫው ቀላል ነው፦ የ32 ካሬና የ24 ካሬ ድምር ሥሩ 40 ይሆናል፤ ይህም ከመለኪያው ንባብ ጋር ይገጥማል።

እነዚህ ቁጥሮች የሚሠሩት በ50 ኸርዝ ብቻ ነው። ጥቅሉም እዚህ እንከን የለሽ ተደርጎ ተቆጥሯል፤ በእውነተኛው ጥቅል ውስጥ የሽቦው ተቃውሞ አብሮ መግባት አለበት።

ካፓሲተሩ 80 ማይክሮፋራድ ያህል በሆነ ሌላ ቢተካ የጥቅሉና የካፓሲተሩ አድሚታንስ ይጣፋሉ፤ ኢምፒዳንሱ ወደ 50 ኦም ይወጣል፣ ዋናው ሽቦም 4.4 አምፔር ብቻ ይይዛል። በጥቅሉና በካፓሲተሩ መካከል ግን 5.5 አምፔር መመላለሱን ይቀጥላል። ስለዚህ የነዚህ ቅርንጫፎች ሽቦ ውፍረት የሚመረጠው በዋናው መስመር ንባብ ሳይሆን በየራሳቸው ከረንት ነው።