ስድስት ሰከንድ ብቻ የሠራው ሞተር

ባለፈው ክረምት ከአዲስ አበባ ወጣ ብላ ባለች ከተማ ወደሚገኝ ወፍጮ ቤት ተጠርቼ ሄድኩ። አዲስ የተገዛ ሞተር በተገጠመበት ቀን ተቃጥሏል። የወፍጮ ቤቱ ባለቤት ዕድሜያቸው ገፋ ያለ እናት ናቸው። ገና በሩ ላይ የተቃጠለ ቫርኒሽ ሽታ ተቀበለኝ።

«ልጄ፣ ሲነሳ እኮ ደህና ነበር» አሉኝ። «ድምፁ እንዲያውም ከአሮጌው ይሻል ነበር። ከዚያ ሣጥኑ ውስጥ አንድ ነገር ቋ አለ፣ ሞተሩ አጓራ፣ ጭሱ ወጣ።»

«እናቴ፣ ከተነሳ በኋላ ምን ያህል ቆየ?»

«አቡነ ዘበሰማያት ለመጨረስ እንኳ አልበቃም።»

ጎኑ ላይ የተበየደውን ወይም በሪቬት የተመታውን ትንሽ የብረት ሰሌዳ ሳላይ ሞተር አልፈታም። ዱቄቱን በእጄ ጠረግኩት። የተጻፈው ይህ ነበር፦

```
3~ MOTOR   50 Hz
7.5 kW   1455 r/min
Δ/Y   230/400 V
25.1/14.5 A
SF 1.15   Ins. Cl. F
IP 55
```

ሞተሩን የገዛው ሰው ሁለተኛውን መስመር አንብቧል። 7.5 ኪሎዋት ማለት ሱቅ ላይ «አሥር ፈረስ» የምንለው ነው፤ ከሻፍቱ ላይ የምናገኘው ጉልበት ነው። 1455 ደግሞ በደቂቃ የሚዞረው ዙር ነው። ሁለቱም ከአሮጌው ሞተር ጋር ልክ ለልክ ነበሩ፤ ፑሌጃውም ቺንጊያውም ሳይቀየር ገጥሟል። ጥፋቱ ያለው አንድ መስመር ወረድ ብሎ ነው።

230/400 የሚለውን ብዙ ሰው «በሁለቱም ይሠራል» ብሎ ያነበዋል። ነገሩ እንዲያ አይደለም። ባለ ሦስት ፌዝ ሞተር ሆዱ ውስጥ ሦስት የመዳብ ሽቦ ጥቅሎች አሉት። ይህ ሰሌዳ የሚናገረው እያንዳንዱ ጥቅል የሚችለው 230 ቮልት መሆኑን ነው። ሦስት ማዕዘኗ ዴልታ ናት። በዴልታ ሲታሰር እያንዳንዱ ጥቅል በሁለት መስመሮች መካከል ብቻውን ይቆማል፤ በመስመሮቹ መካከል ያለው ቮልቴጅ በሙሉ እሱ ላይ ያርፋል። ሹካ የምትመስለው ምልክት ስታር ናት። በስታር የሦስቱ ጥቅሎች ጫፎች አንድ ላይ ይቋጠራሉ፤ እያንዳንዱ ጥቅል የሚደርሰው የመስመሩ ቮልቴጅ ለ1.73 ተካፍሎ ነው። 400 ለ1.73 ሲካፈል 230 ይሆናል። ስለዚህ በመስመሮቹ መካከል 230 ቮልት ባለበት አገር ይህን ሞተር በዴልታ ያስሩታል፤ 400 ባለበት በስታር። ጥቅሉ በሁለቱም አገር የሚቀምሰው ያንኑ 230 ነው።

በእኛ አገር በፌዝና በፌዝ መካከል ያለው 380 ቮልት ነው የሚባለው። ከ400 ዝቅ የሚለው 5 በመቶ ስለሆነ ሞተሩ ይችለዋል። ስለዚህ ይህ ሞተር እዚህ መታሰር ያለበት በስታር ብቻ ነበር።

አሁን ጥጉ ላይ የተጣለውን አሮጌውን ሞተር ገለበጥኩት። የእሱ ሰሌዳ Δ/Y 400/690 ይላል። የእሱ ጥቅል 400 ቮልት ይችላል፤ እዚህ አገር የሚሠራው በዴልታ ነው። የወፍጮ ቤቱ ማስነሻ ሣጥንም ለእሱ የተሠራ የስታር ዴልታ ሣጥን ነው። እንዲህ ያለው ሣጥን ሞተሩ ሲነሳ የሚስበው ከረንት እንዲቀንስ መጀመሪያ በስታር ያስነሳዋል፤ ፍጥነት ሲይዝ ታይመሩ ወደ ዴልታ ያዛውረዋል። ታይመሩ 6 ሰከንድ ላይ ተሞልቷል።

እናትየው የነገሩኝ ታሪክ ሁሉ እዚህ ላይ ተገለጠ። አዲሱ ሞተር በስታር ሲነሳ ጥቅሎቹ የለመዱትን 220 ገደማ አገኙ፤ ስለዚህ ከአሮጌው በተሻለ ጉልበት ተነሳ። በስድስተኛው ሰከንድ ቋ ያለው ኮንታክተሩ ነው። ወደ ዴልታ ሲያዛውረው ለ230 የተጠቀለለ ጥቅል 380 ቮልት ተሸከመ። የሞተሩ ብረት ከሚችለው በላይ በመግነጢስ ሲሞላ ሽቦው ያለ ልክ ከረንት መሳብ ይጀምራል። ማጓራቱ የዚያ ድምፅ ነበር።

ስታር ዴልታ ሣጥን ላለው ሰው ከዚህ የሚወጣው መመሪያ አጭር ነው፦ በዴልታዋ ምልክት አንጻር የተጻፈው ቮልቴጅ ከመስመራችሁ ቮልቴጅ ጋር ካልተቀራረበ ያ ሞተር ለዚያ ሣጥን አይሆንም። የተገላቢጦሹ ስህተትም አለ፤ እሱ ግን ዝም ብሎ ነው የሚገድለው። 400/690 የሚለው ሞተር በስታር ከቀረ ጉልበቱ ወደ ሲሶ ይወርዳል። ባዶውን ጸጥ ብሎ ይዞራል፤ እህል ሲገባበት ይዝላል፣ ይሞቃል፣ ቀስ ብሎ ይቃጠላል።

ከቮልቴጁ ሥር የተጻፈው አምፔር በዚያው ተራ ይነበባል፦ በዴልታ 25.1፣ በስታር 14.5። እዚህ አገር የሚመለከተን 14.5 ነው። ይህ ሞተሩ በተጻፈው ቮልቴጅ ሙሉ ጭነቱን ሲሸከም የሚስበው ነው። ሲነሳ ለጥቂት ሰከንድ ስድስት ሰባት እጥፍ ቢስብ አያስደነግጥም። ቺንጊያው ወልቆ ባዶውን ሲዞር ደግሞ ብዙውን ጊዜ ከተጻፈው ሲሶ እስከ ግማሽ ይስባል። ስለዚህ አዲስ ሞተር ስገጥም ቺንጊያውን ሳላስር አስነሳለሁ፤ ሦስቱንም መስመሮች በክላምፕ ሜትር እለካለሁ። ባዶውን እየዞረ የሰሌዳውን አምፔር ካለፈ ግንኙነቱ ተሳስቷልና ወዲያውኑ ይጠፋል። እዚያ ወፍጮ ቤት ይህ አልተደረገም። ኦቨርሎዱም 25 ላይ ነበር የተሞላው፤ ሞካሪው ትልቁን ቁጥር መርጦ ነው። መሞላት የነበረበት 14.5 ላይ ነው።

አምፔሩ የሚያታልልበት ሰዓትም አለ። ሲመሽ መንደሩ ሁሉ ምጣዱን ሲለኩስ መስመሩ 350 ቮልት ሊወርድ ይችላል። ወፍጮው ግን የሚፈልገው ጉልበት ያው ነው፤ ሞተሩ በቮልት ያጣውን በአምፔር ይሞላል። 14.5 የነበረው ወደ 16.5 ይጠጋል። ጭማሪው ትንሽ ይመስላል፤ ነገር ግን ሽቦው ውስጥ ያለው ሙቀት በከረንቱ ካሬ ስለሚያድግ ሙቀቱ ሲሶ ገደማ ይጨምራል።

«ታዲያ SF 1.15 ይላል እኮ፣ ተጨማሪ 15 በመቶ አለው» የሚለኝ ባለሙያ አይጠፋም። ሰርቪስ ፋክተር የሚባለው ይህ ነው። 7.5 ኪሎዋቱ በ1.15 ሲባዛ 8.6 ገደማ ይሆናል። ግን ይህ ትርፍ የተሰጠው ቮልቴጁ ልክ ሲሆን፣ የአካባቢው ሙቀት ከ40 ዲግሪ ሳያልፍ፣ ቦታውም ከባሕር ወለል በላይ ከ1000 ሜትር ሳይበልጥ ነው። አዲስ አበባ ከ2300 ሜትር በላይ ናት። ከፍታ ሲጨምር አየሩ ይሳሳል፤ የሳሳ አየር ደግሞ ሙቀት ተሸክሞ የመሄድ አቅሙ ያንሳል። በአሜሪካ የሞተር ደረጃ መሠረት 1.15 የተጻፈበት ሞተር እስከ 2700 ሜትር ገደማ ከፍታ ድረስ እንደ 1.0 ተቆጥሮ ነው የሚሠራው። የደጋው ብርድ የተወሰነ ይክሳል፤ በሩ የተዘጋ ወፍጮ ቤት ውስጥ ግን ብርድ የለም። ስለዚህ በደጋ ከተሞቻችን ያን 15 በመቶ ጭነት ላይ አላውለውም፤ ለሳሳው አየርና ለምሽቱ ቮልቴጅ እተወዋለሁ። SF ያልተጻፈበት ሞተር ደግሞ 1.0 ነው፤ ትርፍ የለውም።

እስካሁን ያልኩት ሁሉ መጨረሻው ሙቀት ነው። ያን ሙቀት የሚሸከመው ሽቦውን የሸፈነው ኢንሱሌሽን ሲሆን፣ ደረጃው በአንድ ፊደል ይጻፋል። B እስከ 130፣ F እስከ 155፣ H እስከ 180 ዲግሪ ሴልሺየስ ይችላል። ይህ በሽቦው ውስጥ በጣም የጋለው ቦታ የሚደርስበት ነው እንጂ ከውጭ በእጅ የሚዳሰሰው አይደለም። F ሞተር አካሉ 70 ዲግሪ ደርሶ እጅ አላስቀምጥ ቢልም ጤነኛ ሊሆን ይችላል። ከልኩ ሲያልፍ ግን ይቅር አይልም፦ በተለመደው ግምት በየ10 ዲግሪው ጭማሪ የኢንሱሌሽኑ ዕድሜ በግማሽ ይቀንሳል። ሞተር ስታስጠቀልሉ ይህን ፊደል ለሠራተኛው አሳዩት። በርካሽ ሽቦና ቫርኒሽ ከተጠቀለለ ሰሌዳው F ቢልም ሆዱ F አይደለም።

የቀረው IP 55 ነው። የመጀመሪያው አምስት ስለ አቧራ ነው፤ ጉዳት የሚያደርስ አቧራ አይገባም ማለት ነው። ሁለተኛው አምስት ስለ ውኃ ነው፤ በጎማ የሚረጭ ውኃ ይችላል። ለወፍጮ ቤት ይህ ልክ ነው። IP 23 የተጻፈበት ሞተር ጣት እንዳይገባ ብቻ የተከለለ ክፍት ሞተር ስለሆነ ዱቄቱ ከአየሩ ጋር ውስጥ ይገባል፤ እርጥበት ሲጠጣ ጥቅሉ ላይ እንደ ሊጥ ይለጠፋል። ሆኖም ይህኛውም ሞተር 55 ሆኖ አልተገጠመም። ኬብሉ የገባበት የተርሚናል ቦክስ ቀዳዳ መያዣ ጎማ ስላልነበረው ዱቄቱ መንገድ አግኝቷል። በውጭ ያሉት የማቀዝቀዣ ክንፎችም በዱቄት ከተሞሉ ሞተሩ ብርድ ልብስ እንደለበሰ ይቆጠራል፤ እነሱን በየሳምንቱ መጥረግ ግዴታ ነው።

እናትየው ሌላ ሞተር የሚገዙበት አቅም አልነበራቸውም። ሞተሩን የሚጠቀልለው ባለሙያ ዘንድ ወሰድነውና በእያንዳንዱ ጥቅል የዙሩን ቁጥር በ1.73 አብዝቶ፣ ሽቦውን በዚያው ልክ አቅጥኖ፣ በዴልታ 400 ቮልት እንዲችል አድርጎ በF ሽቦ ሠራው። በአሮጌው ሣጥን ተነሳ። በስድስተኛው ሰከንድ ኮንታክተሩ ቋ ሲል እናትየው ወደ ኋላ አፈገፈጉ፤ ሞተሩ ግን ዞረ። ቺንጊያ ሳይታሰር ሲለካ 6 አምፔር ሳበ፤ ጤፍ ሲገባበት 13 ደረሰ።

አንድ ነገር ቀረን። ጎኑ ላይ ያለው ሰሌዳ አሁንም 230/400 ይላል፤ ነገ ይህን አይቶ በስታር የሚያስረው ሰው አይጠፋም። ባለሙያው ከቆርቆሮ ትንሽ ሰሌዳ ቆረጠ፣ Δ 400 V 14.5 A የሚለውን በመዶሻ ፊደል በፊደል መታበት፣ አሮጌውን ነቅሎ በሪቬት አሰረው።