ጥላውን የማይበላ ቀለም፦ ኦምብሬ በፎቶሾፕ

ፎቶ ላይ ያለን ረጅም ጥቁር ፀጉር ከመሃሉ ጀምሮ ወደ ማር መልክ ለመለወጥ ብዙ ጀማሪዎች ብሩሽ አንስተው ቡናማ ይቀባሉ። ውጤቱ ዊግ ይመስላል። ፀጉርን ፀጉር የሚያስመስለው በየዘለላው መካከል ያለው ጥላ ነውና፣ አንድ ወጥ ቀለም ሲያርፍበት ጥላው አብሮ ይጠፋል።

Gradient Map ይህን ችግር ይፈታል፤ አሠራሩ ግን በቀላሉ ያሳስታል። የቀለም መስመሩን ያየ ሰው ቀለሙ ከአናት እስከ ጫፍ የሚወርድ ይመስለዋል። መሣሪያው የሚያነበው ቦታን ሳይሆን ብርሃንን ነው። ጥቁሩ 0፣ ነጩ 255 ተብሎ ይቆጠራል፤ የፎቶው ጨለማ ክፍል የመስመሩን ግራ ቀለም፣ ብሩህ ክፍሉ የቀኙን ይወስዳል። ከላይ ወደ ታች የሚወርደውን ለውጥ የሚሠራው ማስኩ ነው።

ወገብ የደረሰ ጥቁር ፀጉር እንውሰድ። ብርሃኑ በInfo ሰሌዳ ሲለካ ከ10 እስከ 90 ነው እንበል። 90 ከ255 ሲሶውን ያህል ስለሆነ፣ የማሩ ቀለም መስመሩ ቀኝ ጫፍ ላይ ከተተወ ፀጉሩ ፈጽሞ አይደርስበትም። ስለዚህ ወደ ጥቁር የሚያደላው ቡናማ 0% ላይ፣ ካራሜሉ 18% አካባቢ፣ ማሩ ደግሞ 35% ላይ ይቀመጣል። ፀጉሩ የሚፈካው ያኔ ነው። የሌየሩ ሁነታ Normal ይሁን፤ Color ከሆነ የድሮው ጨለማ ባለበት ስለሚቀር ጥቁሩ ፀጉር ዝገት ከመምሰል አያልፍም።

ቀጥሎ ፀጉሩ ብቻ ተመርጦ፣ ማስኩ ላይ ከአገጭ ትይዩ እስከ ደረት ከጥቁር ወደ ነጭ የሚሸጋገር ግራዲየንት ይሳባል። መሸጋገሪያው በማስመሪያ የተሰመረ እንዳይመስል፣ በቀጭን ነጭ ብሩሽ ጥቂት ዘለላዎችን ወደ ላይ ማስረዘም ያስፈልጋል። ሃይላይት ብቻ ለሚፈልግ ማስኩ ሙሉ በሙሉ ይጠቁርና የተመረጡት ዘለላዎች ብቻ በነጭ ይቀባሉ።

ጥላውን የሚመልሰው Blend If ነው። ሌየሩ ስሙ አጠገብ ሁለት ጊዜ ሲጫን በሚከፈተው Layer Style መስኮት ግርጌ ይገኛል። በUnderlying Layer መስመር ላይ ያለው ጥቁር ተንሸራታች ወደ ቀኝ ሲገፋ፣ ከሥር ያለው ጨለማ ቀለሙን ሰንጥቆ ይወጣል። እንዲሁ ከተገፋ ግን ጠርዙ ይቆራረጣል፣ ፀጉሩም አሸዋ የተነሰነሰበት ይመስላል። Alt ተይዞ፣ በማክ ደግሞ Option፣ ተንሸራታቹ ለሁለት ይከፈላል፤ አንዱ ግማሽ 15፣ ሌላው 40 ላይ ሲቀመጥ ቀለሙ በሁለቱ መካከል ቀስ እያለ ይገባል። ውጤቱን በ100% አጉልቶ ማየት ይበጃል፤ ፎቶው ሲያንስ እንከኑ ይደበቃል።

Blend If ፀጉርን ከጥቁር ቀሚስ አይለይም፤ ያ የማስኩ ድርሻ ነው። ካሜራው ጭራሽ ወደ 0 የጣለው ፀጉር ደግሞ የዘለላ መረጃ ስለሌለው፣ በየትኛውም ቅንብር ቢሞከር ጥርት ያለ ዘለላ አይወጣውም።