አፍ ሲከተል፣ ልብ ሲቀር

በ1953 እ.ኤ.አ. ኮሊን ቼሪ የተባለ እንግሊዛዊ ተመራማሪ ሰዎችን የጆሮ ማዳመጫ እያስደረገ፣ በአንድ ጆሯቸው የሚሰሙትን ንግግር ከተናጋሪው እኩል ቃል በቃል ጮክ ብለው እንዲከተሉ ያደርግ ነበር። ቼሪን የገረመው ሰው በጫጫታ መሀል አንድን ድምፅ ለይቶ መስማት መቻሉ እንጂ የቋንቋ ትምህርት አልነበረም። ተከታዮቹ የታዘዙትን ያለ ብዙ ችግር ተወጡት። እሱ ግን በመሀል ሁለት ነገር ታዘበ። አንደኛ፣ ሲደግሙ ድምፃቸው ከፍ ዝቅ የማይል፣ ደረቅ ነበር። ሁለተኛ፣ በተለይ ንግግሩ ከበድ ያለ ከሆነ፣ በገዛ አፋቸው ያሉት ነገር ስለ ምን እንደሆነ እምብዛም አያውቁም።

ይህ ሰው እየተናገረ ከኋላ ከኋላ የመከተል ዘዴ ዛሬ ሻዶዊንግ በሚለው ስሙ ይታወቃል። አስተርጓሚዎች ይሠለጥኑበታል። በቋንቋ ተማሪዎች ዘንድ በሰፊው ያስተዋወቀው ደግሞ ብዙ ቋንቋ በመቻሉ የሚታወቀው አሜሪካዊው አሌክሳንደር አርጌልስ ነው፤ እሱ ደጅ ወጥቶ፣ ፈጠን ፈጠን እያለ እየተራመደ፣ ድምፅን ከፍ አድርጎ መከተልን ይመክራል። እኛም አገር እንግሊዝኛውን ለማፍታታት ስልኩን ይዞ ቪዲዮ የሚከተል ሰው ጥቂት አይደለም። ብዙዎቹ ከወራት በኋላ የሚያሰሙት ቅሬታም ተመሳሳይ ነው፦ «ስከተል እንደ ውኃ ይፈሳል፣ ብቻዬን ስናገር ያው ነኝ።» ምክንያቱ ቼሪ ያየው ነገር ነው። አፍ ያለ ልብ መከተል ይችላል። ስለዚህ መከተሉ ግማሽ ሥራ ሆኖ፣ ቀሪው ግማሽ የራስን ድምፅ ቀድቶ መመርመር ነው።

መጀመሪያ ምን እንከተል? የቢቢሲው «ሲክስ ሚኒት ኢንግሊሽ» ለዚህ ይመቻል፤ ሁለት ሰዎች በተለመደ ፍጥነት ሲነጋገሩ ይሰማል፣ የተናገሩትም በጽሑፍ ይገኛል። ስድስቱን ደቂቃ ሁሉ ለመከተል አይሞክሩ፤ አርባ ሴኮንድ ይበቃል፣ በዚያ ውስጥ መቶ ያህል ቃል አለ። ከ1959 ጀምሮ የአሜሪካ ድምፅ ሆን ብሎ በዝግታ ያሰራጭ የነበረው እንግሊዝኛ ለመረዳት ግሩም ነው። ለሻዶዊንግ ግን አልመርጠውም፤ ቃላቱ ተነጣጥለው ስለሚነገሩ መማር የሚገባን ነገር እዚያ ውስጥ የለም።

መማር የሚገባን ነገር ምን እንደሆነ በአንድ ዓረፍተ ነገር እንየው። «እዚያ ስትደርስ ምን ልታደርግ ነው?» የሚለውን በትምህርት ቤት እንደለመድነው ፊደሉን ተከትለን ስናነብ «ዋት አር ዩ ጎይንግ ቱ ዱ ዌን ዩ ጌት ዜር» እንላለን። አሥር ቃል፣ ሁሉም እኩል ክብደት። እንግሊዝኛ አፍ መፍቻው የሆነ ሰው ሲቸኩል የሚለው ግን ወደ «ዋደየ ገነ ዱ ዌንየ ጌት ዜር» ይጠጋል። «ዱ» እና «ዜር» ጎልተው ይወጣሉ፤ ሌሎቹ ተጨፍልቀው በመሀላቸው ያልፋሉ። ልብ ይበሉ፣ የተጨፈለቁት ሁሉ በግዕዙ ሆሄ፣ በ«የ»፣ በ«ገ»፣ በ«ነ» ነው የተጻፉት። አማርኛ ተናጋሪ ለዚህ ድምፅ የሚቀራረብ ነገር በአፉ አለው፤ ሳድሱም እንደዚሁ ይረዳዋል። የምንቸገረው ድምፁ ጠፍቶን ሳይሆን፣ እንግሊዝኛውን ከወረቀት ስለተማርነው በወረቀቱ ላይ ያለውን አናባቢ ሁሉ ሞልተን ስለምንጠራ ነው። በእኔ ግምት አንድ አማርኛ ተናጋሪ በሻዶዊንግ ቶሎ የሚያተርፈው እዚህ ጋ ነው። የመረጡትን ንግግር ሰምተው፣ ጽሑፉን ሳያዩ፣ የሰሙትን በራሳችን ፊደል መጻፍም ጥሩ መጀመሪያ ይሆናል።

ልምምዱ ራሱ እንዲህ ይሄዳል። አርባውን ሴኮንድ ያለ ጽሑፍ ሁለት ሦስት ጊዜ ያዳምጡ፤ ከዚያ ጽሑፉን አንብበው ያልገባዎትን ይፍቱ። ያልገባ ነገር መከተል የቼሪን ሰዎች መሆን ነው። ቀጥሎ ቃላቱን ትተው ዜማውን ብቻ፣ አፍ ዘግተው፣ ከተናጋሪው ጋር ያንጎራጉሩ። ሰው ሲያይዎ ግራ ይጋባል፣ ይጋባ። ያንን ከፍ ዝቅ የማይል ድምፅ የሚያድነው ይህ ነው፤ ቃላቱ ሲመለሱ የሚገቡበት ዜማ ተዘጋጅቶ ይጠብቃቸዋል። ከዚያ ጽሑፉን እያዩ ይከተሉ፣ በመጨረሻም ጽሑፉን ገልብጠው ያለሱ ይከተሉ። ተናጋሪው ዓረፍተ ነገሩን እስኪጨርስ ከጠበቁ መድገም ሆነ እንጂ መከተል አልሆነም፤ አንድ ሁለት ቃል ብቻ ወደኋላ መቅረት ነው የሚፈለገው። ማዳመጫውን በአንድ ጆሮ ብቻ አድርገው ሌላውን ለራስዎ ድምፅ ይተዉት። ሁለቱም ጆሮ ከተደፈነ የሚሰሙት የተናጋሪውን ድምፅ ይሆንና፣ የእሱን ጥራት የራስዎ ይመስልዎታል።

አሁን ቀረጻው ይመጣል። አንድ ስልክ ብቻ ይዞ መቅዳት ያስቸግራል፤ ብዙ ጊዜ መቅጃው ሲከፈት የሚጫወተው ድምፅ ይቆማል። ንግግሩን በሌላ ስልክ ወይም በኮምፒውተር ከፍተው በማዳመጫ እየሰሙ፣ በስልክዎ ይቅዱ። ቴሌግራም የሚጠቀም ሰው Saved Messages ውስጥ ድምፁን ለራሱ ቢልክ ቀኑ ተመዝግቦ ይቀመጥለታል። ማዳመጫ ስላደረጉ በቀረጻው ላይ የሚገኘው የእርስዎ ድምፅ ብቻ ነው።

መጀመሪያ ሲሰሙት «ይሄ እኔ ነኝ?» ማለትዎ አይቀርም። ስንናገር የራሳችንን ድምፅ የምንሰማው በአየር ብቻ አይደለም፤ በራስ ቅላችን አጥንት በኩልም ይመጣል፣ አጥንቱም ወፍራሙን ድምፅ አጉልቶ ያስተላልፋል። ቀረጻው በአየር የወጣውን ብቻ ስለሚይዝ ቀጭን ሆኖ ይሰማናል። ሌላው ሰው ሁልጊዜም የሚሰማው ያንን ነው፤ ጥቂት ቀን ሲሰሙት ይለመዳል።

ጽሑፉን አትመው ወይም በእጅ ገልብጠው፣ እርሳስ ይዘው ቀረጻውን ያዳምጡ። በአንድ ጊዜ ሁሉንም ስህተት ማደን አያዋጣም፤ በየማዳመጡ አንድ ዓይነት ብቻ ይፈልጉ። በመጀመሪያው ዙር የተዋጡ ቃላትን ያክብቡ። በሁለተኛው የጨመሩትን ድምፅ ይፈልጉ፦ «ስትሪት» ለማለት «እስትሪት»፣ ወይም በጽሑፍ ሁለት ተመሳሳይ ፊደል ስላየን ብቻ «ሃፒ» ላይ «ፒ»ን እንደ አማርኛ ማጥበቅ። በሦስተኛው ትንፋሽ የወሰዱበትን ቦታ በሰረዝ ያመልክቱ። ከሦስቱ አንዱን መርጠው በማግሥቱ እሱን ብቻ እያሰቡ ያንኑ አርባ ሴኮንድ ይከተሉ። አንድ ንግግር ለአራት አምስት ቀን ቢያገለግል ብዙ አይደለም፤ በየቀኑ አዲስ የሚከተል ሰው በየቀኑ ያንኑ አሮጌ ስህተት ይለማመዳል።

እስካሁን የተናገርነው ግን የሌላ ሰው ንግግር ነው። ልብ እንዲከተል የሚያስገድደው ቀጣዩ ደረጃ ነው፤ ማዳመጫውን አውልቆ ስለ ራስ መናገር። ኪት ሞሪስ በ1983 ያቀረበውና ፖል ኔሽን በኋላ ያጠናው አራት፣ ሦስት፣ ሁለት የሚባል መልመጃ አለ፦ አንዱን ታሪክ በአራት ደቂቃ፣ ቀጥሎ በሦስት፣ ቀጥሎ በሁለት መናገር። ሰዓቱ ሲያጥር ስለ ምን ልናገር የሚለው ስለተፈታ ሐሳቡ ወደ ቃላቱ ይዞራል። ዋናው መልመጃ አድማጭ በየዙሩ ይቀያይራል፤ ለብቻ የሚሠራ ሰው በአድማጭ ፈንታ መቅጃውን ያስቀምጣል፣ ከአራት ደቂቃ ይልቅም በሁለት ቢጀምር ይሻለዋል።

አንድ የሆቴል ወጥ ቤት ሠራተኛ ስለ ሥራው ተናግሮ ቀዳ እንበል። በቀረጻው ላይ «አይ አም ወርኪንግ ኢን ዘ . . . ኪችን ሲንስ . . . ቱ ይርስ» የሚል ይገኛል። መጀመሪያ ዝምታዎቹን እንይ። አቀላጥፎ የሚናገርም ሰው ያርፋል፤ የሚያርፈው ግን ሐሳቡ በሚያልቅበት ቦታ ነው። ሁለተኛ ቋንቋ የሚናገር ሰው በሐረግ መሀል፣ እዚህ እንደምናየው «ዘ» ብሎ «ኪችን» ከማለቱ በፊት ይቆማል። የዚህ ሰው ችግር የፍጥነት አይደለምና ፈጥኖ ለመናገር መሞከሩ አይረዳውም። «ኢን ዘ ኪችን» የሚለውን እንደ አንድ ቃል አሥር ጊዜ ብሎ ቢያጥበቀው፣ በሚቀጥለው ዙር ዝምታው ወደ ሐረጉ መጨረሻ ይሸጋገራል።

ከዚያ «ሲንስ ቱ ይርስ»። ይህ «ከሁለት ዓመት ጀምሮ» የሚለው አማርኛችን እንግሊዝኛ ለብሶ መምጣቱ ነው። እንግሊዝኛው ለቆይታ «ፎር»ን፣ ለመነሻ ጊዜ «ሲንስ»ን ይፈልጋል፤ ግሱም ወደ «አይቭ ቢን ወርኪንግ» ይለወጣል። ብቻውን ያለ ሰው ይህን በምን ያውቃል? ጆሮው አይነግረውም፣ ለእሱ ትክክል ሆኖ ነው የሚሰማው። እንዲህ ላለው ነገር መልሱ ያለበት መጽሐፍ ያስፈልጋል። የሬይመንድ መርፊ «ኢንግሊሽ ግራመር ኢን ዩዝ» ለብቻ ለሚማር ሰው ተብሎ የተዘጋጀ ስለሆነ የመልመጃዎቹ መልስ ከጀርባው አለ፤ የ«ፎር» እና የ«ሲንስ» ልዩነትም ራሱን የቻለ ምዕራፍ ተሰጥቶታል። እርማቱ መግባት ያለበት ከመጀመሪያው ዙር በኋላ፣ ከሁለተኛው በፊት ነው። ሳይታረም ሦስቱንም ዙር ከተናገረው ስህተቱም አብሮ ይቀላጠፋል፣ ከዚያ ወዲያ ማስለቀቁ ከባድ ነው።

ቀረጻም መጽሐፍም የማይደርሱበት ቦታ ግን አለ። ጆሮ ያልለየውን አፍ አያርምም። «መኖር» እና «መሄድ፣ መተው» ለሚሉት ሁለት የእንግሊዝኛ ቃላት በፊደላችን አንድ ጽሑፍ ነው ያለን፣ «ሊቭ»፤ አንዱ አጭርና ላላ ያለ ነው፣ ሌላው ረዘም ይላል። «መርከብ» እና «በግ»ም ሁለቱም «ሺፕ» ይሆኑብናል። ራስዎን ለመፈተን ሁለቱን እያቀላቀሉ ሃያ ጊዜ ይቅዱና ቅደም ተከተሉን ወረቀት ላይ ጽፈው ያስቀምጡ። ከሦስት አራት ቀን በኋላ፣ ቅደም ተከተሉ ሲረሳዎት፣ ወረቀቱን ሳያዩ እየሰሙ የትኛው የቱ እንደሆነ ይጻፉ። ያገኙት ከሃያው አሥር አካባቢ ከሆነ በግምት እንደመለሱ ይቁጠሩት፤ ያን ጊዜ መናገሩን አቁመው ማዳመጥ ላይ መሰንበት ነው።

የሌላ ሰው ጆሮ የሚያስፈልገውም እዚህ ላይ ነው። አሜሪካ ወይም እንግሊዝ የሚኖር ዘመድ ካለ፣ በተለይ እዚያ ያደገ ልጅ፣ በወር አንዴ የአንድ ደቂቃ ቀረጻ መላክ ይበቃል። «እንግሊዝኛዬ እንዴት ነው?» ብለው ከጠየቁት በይሉኝታ «ጎበዝ ነሽ እትዬ» ብሎ ይመልሳል። ይልቅ ጽሑፉን ሳይልኩለት የሰማውን ቃል በቃል ጽፎ እንዲመልስ፣ ያልሰማውን ቦታ ክፍት እንዲተወው ይጠይቁት። ክፍት የተዋቸው ቦታዎች የሚቀጥለው ወር ሥራ ናቸው።